ጀበናዋ ስትበራ ቁልፉ ይጥፋ

ጥያቄ፦ ሰላም። ሴት ልጄ 18 ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ወር መንጃ ፈቃድ አወጣች። የቤታችንን ቪትዝ ይዛ ትምህርት ቤት መመላለስ ጀምራለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ስንት ዓመት ነድቼ የዳሽቦርዱን መብራቶች በደንብ አላውቃቸውም። ባለቤቴ “ቀይ ከሆነ ቁሚ፣ ቢጫ ከሆነ ንጂ” ብሎ ገላገላት። ይሄ ይበቃታል? ወዲያው የሚያስቆሙት በትክክል የትኞቹ ናቸው? እርስዎስ ለልጅዎ እንዴት አስተማሩት?

ምላሽ፦ የባለቤትዎ ሕግ ለመነሻ መጥፎ አይደለም። ግን ሁለት ቦታ ላይ ያሳስታል። በር ሲከፈትና ቀበቶ ሳይታሰር የሚበሩትም ቀይ ናቸው፤ የባትሪውም ቀይ ነው፤ እነዚህ ወዲያው አያስቆሙም። በተቃራኒው ደግሞ ቢጫ ሆኖ የሚያስቆም አንድ አለ። ቀለም ብቻ የያዘ ልጅ ወይ በየመቶ ሜትሩ ይቆማል፣ ወይ ጭራሽ መቆም ይተዋል።

እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ወንድ ልጄ መንዳት ሲጀምር ያስተማርኩት አራት መብራት ብቻ ነው። ሦስቱ ቀይ ናቸው፦ ዘይት፣ ሙቀትና ፍሬን። አራተኛው ብልጭ ድርግም የሚለው ቢጫ የሞተር ምልክት ነው። ሌላውን ሁሉ “ቤት ስትገባ ንገረኝ” ብዬ ተውኩት። ሃያውንም ባስተምረው ኖሮ በሳምንቱ ሃያውንም ይረሳቸው ነበር።

ትምህርቱን የጀመርነው ግቢ ውስጥ ነው፤ ሞተር ሳይነሳ። ቁልፉን ሞተር ከማስነሳቱ አንድ እርምጃ በፊት ያለው ቦታ ላይ ያቁሙት። በዚያን ጊዜ መኪናው አምፖሎቹን ራሱ ይፈትሻል፤ ዳሽቦርዱ እንደ ገና ዛፍ ይበራል። ልጅዎን እዚያ ላይ ያስቁሟትና በጣቷ እያሳየች ትጥራቸው። ከዚያ ሞተሩን ታስነሳ። የዘይቷ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለባት። የእጅ ፍሬኑ ሲወርድ የፍሬኑም ይጠፋል።

ይህን ስታደርጉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቁልፉ እዚያ ቦታ ላይ ሆኖ የዘይቷ መብራት ጭራሽ ካልበራች ደስ አይበልዎት። ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ገመዱ ተነቅሏል፣ ወይ ደግሞ ከእርስዎ በፊት መኪናውን የሸጠው ሰው መብራቷን አጥፍቶ ነው የሸጠልዎት። እኔ ዳሽቦርድ ፈትቼ በጥቁር ፕላስተር የታሸገ አምፖል አግኝቻለሁ። ያን መኪና የገዛው ሰው “መብራት በርቶበት አያውቅም” ብሎ ሲያወድሰው ነበር።

አሁን ወደ ዘይቷ ልግባ። ብዙውን ጊዜዬን የምወስደው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ከአራቱ ሁሉ ትዕግሥት የሌላት እሷ ናት። ምልክቷ ከአፏ ጠብታ የሚወርድ የዘይት ዕቃ ነው። ልጄ ገና እንዳያት “ጀበና ናት” አለ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስሟ ጀበናዋ ሆነ።

ጀበናዋ “ዘይት ጎደለ” ማለት አይደለችም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እንደ ነዳጅ መብራት ያያታል። ነዳጅ ሲበራ ገና ወደ ማደያ የምትደርስበት አለህ። ጀበናዋ ግን የምትለካው ግፊት ነው። ሞተሩ ሲዞር ብረቶቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ መሃላቸው ስስ የዘይት ሽፋን ይቆማል። ያንን ሽፋን የሚያቆመው ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት ነው። መኪናው ሲሮጥ ግፊቱ ሁለት፣ ሦስት ባር፣ ከዚያም በላይ ይደርሳል። መብራቷን የሚያበራው ስዊች ግን በአብዛኛው ከግማሽ ባር በታች ሲወርድ ነው የሚሠራው። ስለዚህ እሷ ስትበራ ግፊቱ እየቀነሰ ሳይሆን አልቆ ነው። ብረት በብረት ላይ መዞር ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለዎት ጊዜ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም።

የልጄን ነገር ልንገርዎት፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።

ቅዳሜ ነበር። እኔ ክፍለ ሀገር ስለነበርኩ ዘይት መቀየሪያው ደርሶ ሌላ ቦታ አስቀየረው። በማግስቱ ጓደኞቹን ይዞ ሱሉልታ ሄደ። ሲመለስ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ጠመዝማዛ ላይ፣ አንዱ ኩርባ ጋ ጀበናዋ ብልጭ አለችና ጠፋች። ቀጥ ያለው ላይ የለችም። ቀጣዩ ኩርባ ላይ እንደገና ብልጭ። ጥግ ያዘና ሞተሩን ሳያጠፋ ደወለልኝ።

“አባዬ፣ ጀበናዋ ብልጭ ብላ ጠፋች። አሁን የለችም። ልቀጥል?”

“ሞተሩ በርቷል?”

“አዎ።”

“አጥፋው። መጀመሪያ አጥፋው፣ ከዚያ እናውራ።”

ኩርባ ላይ ብቻ ለምን በራች? ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ካርተሩ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሲበዛ የትም ብትዞር የፓምፑ መሳቢያ ዘይት ውስጥ ነው። ሲያንስ ግን መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ መሳቢያውም አየር ይስባል። ኩባያ ውስጥ የቀረች ሻይ ስታጋድላት እንደምትሸሸው ማለት ነው። ስለዚህ ብልጭ ብላ መጥፋቷ ነገሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ገና አንድ ዕድል አለህ ማለት ነው።

አምስት ደቂቃ እንዲጠብቅ ነገርኩት፤ ላይ ያለው ዘይት ወደ ካርተሩ እንዲወርድ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ጠረገው፣ መልሶ ከትቶ አወጣው። ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ ዘይቱ በሁለቱ መሃል መሆን አለበት። የእሱ ጫፉ እንኳ በቅጡ አልነካም። “ከሥር እይ” አልኩት። ካርተሩ በሙሉ ረጥቦ ይንጠባጠባል አለኝ።

የሞላ የዘይት ጣሳ ስላልያዘ ክሬን ተጠርቶ መኪናው ወደ እኔ ጋራዥ መጣ። ማታ ከሥር ገብቼ ፊልትሮውን ስፈታው ምክንያቱ ወዲያው ታየ። አንድ ጎማ ቀለበት መኖር ሲገባው ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተለጥፈው። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ ጎማው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ዘይት የቀየረው ልጅ ሳያይ አዲሱን በላዩ አሰረው። እንደዚያ ሲሆን ሞተሩ በቆመበት ላያፈስ ይችላል። መንገድ ላይ ግፊቱ ሲጨምር ግን ጎማው ይሾልክና ዘይቱን ይረጨዋል። ይህ መኪና የሚይዘው ሦስት ሊትር ገደማ ነው፤ ስቀዳው ግማሹ እንኳ አልነበረም።

አዲስ ፊልትሮ፣ አንድ ጎማ፣ ሦስት ሊትር ዘይት። አስነሣሁት፤ ጀበናዋ በሦስተኛው ሰከንድ ጠፋች። ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ፤ ኳኳታ የለም። ሞተሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። በዚያው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ተመሳሳይ መብራት በርቶበት “ቤቴ አራት ኪሎ ሜትር ነው” ብሎ ነዳ። ቤቱ ደረሰ። ሞተሩ ግን ኳ ኳ እያለ ነበር። ካርተሩን ሳወርደው ዘይቱ ውስጥ የወርቅ ብናኝ የመሰለ ነገር ያብለጨልጫል፤ ሞተሩ የሚዞርበት ብሮንዚን ተበልቶ ነው። ሌላ አንድ ኪሎ ሜትር ቢጨምር ሞተሩ ነክሶ ጭራሽ መዞር ያቆምበት ነበር።

ስለዚህ ለልጅዎ የምነግራት ይህን ነው። ጀበናዋ ብትበራም፣ ብልጭ ብትልም ጥግ ትያዝ፣ ቁልፉን ታጥፋ። ዘንጉን ታይ። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነና ዘይት ከያዘች ትሙላ፤ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ አንድ ሊትር አካባቢ ነው። ግን ከሥር እየፈሰሰ ከሆነ መሙላቱ ዋጋ የለውም። ሞልታ ስታስነሣ መብራቷ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋች እንደገና ታጥፋና ሰው ትጥራ። ዘንጉ ሙሉ ነው ካለና ጀበናዋ ግን ከበራች ደግሞ ይብሳል፤ ፓምፑ ተበላሽቶ ወይም የመሳቢያው ወንፊት ተደፍኖ ይሆናል። ስዊቹ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆንም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ይበላሻል፣ ርካሽም ነው። ግን ያንን መንገድ ላይ ቆማ ማወቅ አትችልም። ግፊት የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ነው የሚያውቀው። እኔም በመገመት ሞተር አላስነሣም።

ሁለተኛው የሙቀት መብራት ነው። ውኃ ውስጥ የቆመ ቴርሞሜትር ይመስላል። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት መርፌ የላቸውም፤ ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ናቸው። መርፌ ቢኖር ቀስ ብሎ ሲወጣ ታየው ነበር። እዚህ ግን ምንም ሳያሳይ ቆይቶ በድንገት ቀይ ይሆናል። መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል፤ እሱም ያው ቀይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ነገር ከሌላው ቦታ የሚከፋበት ምክንያት አለ። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ92 ገደማ ይፈላል። ባቄላ ድሬዳዋ ቶሎ በስሎ እዚህ የሚያስቸግረው ለዚያ ነው። ደኅና የሆነ ሞተር ደግሞ የሚሠራው 90 አካባቢ ነው። ታዲያ ራዲያተሩ ለምን ሁልጊዜ አይፈላም? ክዳኑ ነው የሚያድነው። የራዲያተር ክዳን እንደ ፕሬዠር ኩከር ክዳን ውስጡን አፍኖ ይይዛል፤ ሲታፈን መፍያው ከ110 በላይ ይወጣል። ክዳኑ ጎማው ሲደርቅ ወይም ስፕሪንጉ ሲደክም ያ ሁሉ ይጠፋል። ትንሽ ዳገት፣ ትንሽ የትራፊክ ጭንቅንቅ፣ አለቀ፤ አፈላ። ስንቱ ሰው ራዲያተር ቀይሮ፣ ፋን ቀይሮ፣ መጨረሻ ላይ ችግሩ አሮጌ ክዳን ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቀዩ ሲበራ ልጅዎ ኤሲውን ታጥፋ፣ ጥግ ትያዝ፣ ሞተሩን ታጥፋ። ኦቶቡስና ሚኒባስ ከበዋት መውጫ ካጣች ግን አንድ ዘዴ አለ። የውስጥ ማሞቂያውን ሙሉ ሙቅ ላይ አድርጋ ነፋሱን እስከ መጨረሻው ትክፈት። ያ ማሞቂያ ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ከሞተሩ ሙቀት ይቀበልና ወደ ውስጥ ያወጣዋል። ላብ በላብ ትሆናለች፤ ግን ጥግ እስክትይዝ ድረስ ታተርፋለች። ጥግ እስክትይዝ ነው ያልኩት፤ ቤት እስክትደርስ አይደለም።

ማሞቂያውን ስትከፍተው ቀዝቃዛ አየር ከነፋባት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ ግሎ ማሞቂያው ከቀዘቀዘ ውስጡ ውኃ የለም ማለት ነው። በዚያ ጊዜ መብራቱ ራሱ ሊዋሽ ይችላል፤ መለኪያው ውኃ ውስጥ ካልተነከረ ሙቀቱን በትክክል አያውቅም። እንፋሎት እያየች ቀዩ ቢጠፋ እንኳ እንዳትነሣ።

ከቆመች በኋላ ያለው ስህተት ከመንዳቱ አይተናነስም። ኮፈኑን ከፍቶ የራዲያተሩን ክዳን መንካት። የታፈነው ውኃ ክዳኑ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ይፈላል፤ ፊትና እጅ ላይ ይወጣል። የተላጠ እጅ ይዘው ወደ እኔ የመጡ ጎልማሳ ሹፌሮች አሉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ትጠብቅ። ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን የላይኛውን ወፍራም ቱቦ በእጇ ትንካው፤ እጇን ሳታሸሽ መያዝና መጭመቅ ከቻለች ያኔ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዛ በግማሽ ትፍታ፣ አየሩ ይውጣ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መገልበጥም ያው አደጋ ነው። የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል፤ የቴስታታ ጋስኬት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ከክዳን ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሦስተኛው ፍሬን። በቀይ ክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ቃሉ BRAKE ተብሎ ተጽፏል። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ትይ። ከዐሥሩ ሰባቱ እሱ ነው፤ አንድ ጥርስ ሳይወርድ ቀርቶ። ወርዶም ካልጠፋ የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል ማለት ነው። ዘይቱ ደግሞ በሁለት ምክንያት ይጎድላል። የፍሬን ሸራው እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፤ መብራቱም ኩርባና ቁልቁለት ላይ ብልጭ ማለት ይጀምራል። ወይም የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ሁለቱን የምትለየው በእግሯ ነው። ፔዳሉን ስትረግጠው እንደ ወትሮው ጠንካራ ከሆነ፣ ከያዘም፣ ጥግ ይዛ ቆማ ትደውል። ፔዳሉ ስፖንጅ እንደመርገጥ ከሆነ ወይም እየሰመጠ ከሄደ ግን መኪናው ፍሬን እያጣ ነው። ያኔ እግሯን ደጋግማ ትረግጥ፤ በፍጥነት ሲረገጥ የቀረው ግፊት ሊሰበሰብ ይችላል። ማርሹን ወደ ታች ታውርድ፤ ኦቶማቲክ ከሆነ ወደ L ወይም ወደ 2 ወይም B፣ ያለውን። የእጅ ፍሬኑን ጫፉ ላይ ያለውን መጫኛ በአውራ ጣቷ ተጭና ቀስ በቀስ ትሳብ። በአንዴ ከሳበችው የኋላ ጎማው ይቆለፍና መኪናው ይዞርባታል። መቆም ያለባት የእጅ ፍሬኑ መኪናውን ሲያቆመው ነው፤ አንድ ጊዜ ከቆመች በኋላ ያን መኪና ክሬን ብቻ ነው የሚያነሣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሯት፦ መኪናው እየሄደ ቁልፍ አይጠፋም። ለዘይቷም ቢሆን። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ ረዳት የቀረችው አንድ ሁለት መርገጫ ብቻ ናት፤ መሪውም ይከብዳል። ቁልፉን ነቅላ ካወጣችው ደግሞ መሪው ይቆለፋል። መጀመሪያ ጥግ፣ ከዚያ ማቆም፣ ከዚያ ቁልፍ።

የፍሬን መብራት የማይናገረውም አለ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ እግርን ፍሬን ላይ ጭነው ከወረዱ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ መያዙን ያቆማል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት አትበራም፤ ዘይቱ ሙሉ ነዋ። እዚያ የሚያስጠነቅቀው አፍንጫ ነው። ቢጫው ABS ብቻውን ሲበራ ደግሞ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ቀስ ብላ ትነዳለች። ቢጫውና ቀዩ አንድ ላይ ከበሩ ግን ትቁም።

አራተኛው ቢጫው የሞተር ቅርጽ። ዝም ብሎ ከበራ አትደንግጥ፤ በሳምንቱ ውስጥ ይታያል። ብልጭ ድርግም ሲልና ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ግን አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ እየተቃጠለ አይደለም። ያልተቃጠለው ነዳጅ በጭስ ማውጫው መንገድ ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስቱ፣ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይነድዳል፤ እስኪቀላ ያግለዋል። እግሯን ከነዳጅ ላይ ታንሣ፤ ብልጭታው ካልቆመ ጥግ ትያዝ። ደረቅ ሣር ላይ ግን አታቁም፤ ከሥሩ ያለው ብረት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ካንዴላ ወይም ኮይል ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ከተነካ ቀላል ነው።

የባትሪውን መብራት ከአራቱ ለምን እንዳወጣሁት ልናገር። የባትሪ መብራት ሲበራ ዲናሞው መሙላት አቁሟል። ባትሪው ደኅና ከሆነ መኪናው ገና ይሄዳል፤ ሬዲዮና ኤሲ አጥፍታ በአቅራቢያ ወዳለ ጋራዥ መድረስ ትችላለች። ግን በብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የውኃውን ፓምፕም ያዞራል። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ውኃው አይዞርም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቀዩ ሙቀት ይከተላል። ስለዚህ ባትሪው ሲበራ ዐይኗ የሙቀቱ መብራት ላይ ይሁን። እሱ ሲበራ ነገሩ ወደ ሁለተኛው ተቀየረ።

እንዴት አስተማርኩት ብለው ጠይቀዋል። በቃል አይደለም። እሑድ ጠዋት ጭር ያለ መንገድ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እየነዳ ሳለ ሳላስጠነቅቅ “ጀበና!” እላለሁ። መስተዋት ያያል፣ ቀኝ ፍሬቻ ያበራል፣ እግሩን ከነዳጅ ያነሣል፣ ጥግ ይይዛል፣ ያቆማል፣ ቁልፍ ያጠፋል፣ አራቱንም ፍሬቻ ያበራል። እኔ እቆጥራለሁ። የመጀመሪያው ቀን 40 ሰከንድ ፈጀበት፤ ግማሹን ያጠፋው “እዚህ ልቁም ወይስ ትንሽ ልለፍ” እያለ ነው። በሦስተኛው እሑድ 15 ደረሰ። “ፍሬን!” ስለው ደግሞ እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ በማርሽና በእጅ ፍሬን ብቻ ከ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያቆማል። ይህኛውን ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ብቻ ይሞክሩት።

ቦታ መምረጥ የራሱ ትምህርት ነው። ለጀበናዋ የሚመረጥ ቦታ የለም፤ መጀመሪያ የተገኘው ደኅና ጥግ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ከሆነች የቀኙ ዳር ይበቃታል፤ ግን መኪና ውስጥ አትቀመጥ፣ ከመከላከያው ብረት ጀርባ ትቁም፣ ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂውንም ራቅ አድርጋ ከኋላ ታስቀምጥ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት፣ አምስት ሊትር ውኃ፣ ወፍራም ጨርቅና የእጅ ባትሪ ይኑር። የክሬኑ ስልክ ደግሞ ስልኳ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም፤ ስልክ የሚዘጋው ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ቀን ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ “ሰማያዊ መብራት በርቷል” ብላ ትደውልልዎታለች። አይደንግጡ። ሰማያዊው ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ከነዳች በኋላ ይጠፋል። ሳይጠፋ ሩብ ሰዓት ከቆየ ምናልባት አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎት ይሆናል፤ “እንዳያፈላ” ብለው ብዙ ቦታ ያወጡታል። ሞተሩ ሁልጊዜ እየቀዘቀዘ ነዳጅ ይበላል፤ ያስመልሱት። ግን ለዚያ መንገድ ዳር መቆም የለባትም፤ ትምህርቷ ይድረስላት።